ወሩ በ10 ይሞላል፣ ደሞዝ በ22 ይገባል፦ የቤት ኪራይ ቀን ማዛወር ከነስሌቱ

ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም ወልድያ ተከራይቶ የሚኖር ደሞዝተኛ ቤት የገባበት ቀን የኪራይ ቀኑ ሆኖ ይቀራል። ኅዳር 10 ዕቃውን ካስገባ በየወሩ በ10 «ወሩ ሞላ» ይባላል። ቀኑን ማንም አስቦ አልመረጠውም፤ የጭነት መኪናው የተገኘበት ቀን ነው። ደሞዙ ከ20 በኋላ የሚገባ ከሆነ ግን ኪራዩ የሚከፈለው ሃያ ቀን ገደማ ከቆየ፣ ለአስቤዛና ለትራንስፖርት ከተበተነ ገንዘብ ነው። እንዲህ ያለ ተከራይ ብዙ ጊዜ «ትንሽ ቀን ይታገሡኝ» እያለ ወር ከወር ይለምናል። ይህ ትዕግሥት መጠየቅ ነው፤ ቀን ማዛወር ሌላ ነገር ነው። ትዕግሥት ሲጠየቅ ተከራዩ በየወሩ ባለዕዳ ይሆናል። ቀን ሲዛወር ግን በመሀል ያሉት ቀናት ተቆጥረው ይከፈላሉ፣ ከዚያ በኋላ ዕዳ የሚባል ነገር የለም። ከዚህ በታች ያለው በሙሉ የሚመለከተው ይህን ሁለተኛውን ነው።

መጀመሪያ ደሞዝዎ በእርግጥ መቼ እንደሚገባ ይወቁ

«በ22 ነው የሚገባልኝ» ብሎ ከአከራይ ፊት መቅረብ አደጋ አለው። የብዙ ፋብሪካዎች፣ የግል ድርጅቶችና የእርዳታ ድርጅቶች ደሞዝ የሚሰላው በአውሮፓ ወር ነው፤ ኪራይ ደግሞ በእኛ። ሁለቱ አቆጣጠሮች እኩል አይሄዱም። ከጳጉሜ በቀር የእኛ ወር ሁልጊዜ 30 ቀን ነው፣ የእነሱ አንዴ 30 አንዴ 31፣ ፌብሩዋሪ ላይ ደግሞ 28 ወይም 29። ስለዚህ የአውሮፓ ወር የመጨረሻ ቀን በእኛ አቆጣጠር ዓመቱን ሙሉ እየተንሸራተተ ይሄዳል። የሴፕቴምበር መጨረሻ መስከረም 20 ላይ ይውላል። ኦክቶበርና ኖቬምበር ጥቅምት 21 እና ኅዳር 21 ላይ ያልቃሉ፣ ዲሴምበር ታኅሣሥ 22፣ ጃንዋሪ ጥር 23። ከዚያ ፌብሩዋሪ አጭር ስለሆነ ወደ የካቲት 21 ይመለስና እንደገና ይወጣል፦ መጋቢትና ሚያዝያ 22፣ ግንቦትና ሰኔ 23፣ ሐምሌ 24፣ ነሐሴ 25። ጳጉሜ 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት ደግሞ ከመስከረም እስከ ጥር ያሉት ሁሉ በአንድ ቀን ወደኋላ ይላሉ።

እንግዲህ በጥቅምት «ደሞዜ በ21 ይገባል፣ 22 ላይ ልክፈል» ብሎ የተስማማ ሰው ጥር ላይ አንድ ቀን፣ ነሐሴ ላይ ሦስት ቀን ያዘገያል። በተስማማበት ቀን መክፈል ያቃተው ሰው ሁለተኛ ሲለምን ማን ይሰማዋል?

የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ ደሞዙ በእኛው ወር ስለሚሰላ ይህ መንሸራተት አያገኝዎትም፤ የሚያስቸግርዎት የበጀትና የፔሮል መዘግየት ነው። በሁለቱም በኩል መፍትሔው አንድ ነው። ስልክዎን ይክፈቱና ያለፉትን ስድስት ወራት የባንክ የጽሑፍ መልእክቶች ይመልከቱ፣ ደሞዝ የገባበትን ቀን በእኛ አቆጣጠር ወረቀት ላይ ይጻፉ። ከስድስቱ የዘገየውን ይያዙ፣ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይጨምሩበት። አዲሱ የኪራይ ቀንዎ እሱ ነው። በአውሮፓ ወር ለሚከፈለው ሰው ብዙውን ጊዜ 28 ይወጣል። ስድስቱ ቀናት ከአሥር ቀን በላይ ከተራራቁ ግን ችግሩ የኪራዩ ቀን አይደለም፤ ቀን ማዛወር አይፈታውም፣ አይጀምሩት።

28 ያለው አንድ ጉድለት ይታወቅ። መስከረም ላይ ደሞዝ በ20 ገብቶ ኪራይ በ28 ስለሚከፈል ስምንት ቀን ገንዘቡ እጅ ላይ ይቆያል። ገንዘብ ደግሞ እጅ ላይ አይቆይም። ደሞዝ በገባበት ሰዓት ኪራዩን ወደ ሌላ ሒሳብ ማዛወር፣ ወይም ቀኑን ሳይጠብቁ መክፈል ይሻላል። ቀድሞ የተከፈለ ኪራይ ያጣላ አከራይና ተከራይ የለም።

ስሌቱ

አከራዩ የሚፈራው አንድ ነገር ነው፤ ቀኑ ሲገፋ በመሀል ያሉት ቀናት በነፃ የሚኖርባቸው ይመስለዋል። ፍርሃቱም ትክክል ነው፤ «ከአሁን በኋላ በ28 እከፍላለሁ» ብቻ ብሎ ዝም ያለ ተከራይ በእርግጥ 18 ቀን በነፃ ጠይቋል። ስለዚህ ስሌቱን ይዞ የሚቀርበው ተከራዩ ነው።

ኪራዩ በወር 4,500 ብር ነው እንበል፣ ወሩ የሚሞላው በ10፣ ኪራይ የሚከፈለው በቅድሚያ። ወራችን ሠላሳ ቀን ስለሆነ የቀኑን ለማግኘት ለ30 ማካፈል ነው፤ 150 ብር ይወጣል። (በአውሮፓ ወር ለሚያሰሉ 30 ነው 31 ነው የሚለው ክርክር እዚህ የለም፤ አንዱ ጥቅማችን።) ከኅዳር 10 ጀምሮ ኅዳር 27 ማታ ድረስ ያሉት ቀናት፣ ሁለቱንም ጫፍ ጨምሮ፣ 18 ናቸው። 18 በ150 ሲባዛ 2,700 ብር። ይህ የመሸጋገሪያው ክፍያ ነው።

ኅዳር 10 ላይ 4,500 በመክፈል ፈንታ 2,700 ብር ይከፈላል፤ ይህ እስከ ኅዳር 27 ያኖራል። ኅዳር 21 ደሞዝ ይገባል። ኅዳር 28 ሙሉው 4,500 ይከፈላል፣ እስከ ታኅሣሥ 27። ከዚያ ወዲያ በየወሩ በ28 ነው። ከኅዳር 10 እስከ ታኅሣሥ 27 ያሉት 48 ቀናት ናቸው፣ የተከፈለው 7,200 ብር ነው፣ 48 በ150 ቢባዛም 7,200 ነው። አንድ ብርም አልጎደለም።

አሁን ከአከራዩ ወንበር ላይ ሆነው ይዩት። ኅዳር 10 ላይ ከለመደው 1,800 ብር ያንስበታል። ኅዳር 28 ላይ ግን በድሮው ቀን ቢሆን ኖሮ የሚኖረው 4,500 ብቻ ነበር፤ በአዲሱ 7,200 ገብቶለታል። ማለትም 18 ቀን 1,800 ብር ወደኋላ ይላል፣ ከዚያ 12 ቀን 2,700 ብር ወደፊት ይሄዳል፤ በየወሩም እንዲሁ ይደጋገማል። ይህን በወረቀት ጽፈው ቢያሳዩ ከአሥር ልመና ይበልጣል።

አከራይዎ ጠርጣራ ከሆኑ ሌላ መንገድ አለ፣ እንደ እኛ ግምት እንዲያውም የተሻለው ነው። ኅዳር 10 ላይ እንደ ወትሮው ሙሉ 4,500 ይክፈሉ። ኅዳር 21 ደሞዝ ሲገባ፣ ታኅሣሥ 10 ሳይደርስ፣ በኅዳር 28 የመሸጋገሪያውን 2,700 ብር ይስጡ፤ ይህ ከታኅሣሥ 10 እስከ 27 ላለው ጊዜ ነው። ታኅሣሥ 28 ሙሉው ኪራይ ይጀምራል። በዚህ መንገድ አከራዩ ገና ስምምነቱ ሲጀመር ከመቀበያ ቀኑ 12 ቀን ቀድሞ ገንዘብ ያያል። ለእርስዎ የሚከብደው አንድ ተጨማሪ ወር በድሮው ቀን መክፈል ነው።

ሽግግሩን ነሐሴና መስከረም ላይ አያድርጉት። ጳጉሜ መሀል ትገባና ቀናቱ ይቆጠራሉ አይቆጠሩም የሚል ክርክር ይነሳል። በልማድ ኪራይ የ12 ወር ነው፣ ጳጉሜ ለብቻዋ አትከፈልም፤ የመሸጋገሪያ ቀናት ሲቆጠሩ ግን ጣት ስለሚታጠፍ ሰው ይረሳዋል።

መቼና እንዴት እንደሚጠየቅ

በኪራዩ ቀን ወይም በዋዜማው አይጠየቅም። ያን ዕለት የሚነሳ ማንኛውም የቀን ወሬ «ብር የለኝም» ተብሎ ነው የሚሰማው። ከከፈሉ ከሦስት እስከ አምስት ቀን በኋላ፣ ምንም ዕዳ በሌለበት ጊዜ ይጠይቁ። ከሚቀጥለው የኪራይ ቀን በፊት ቢያንስ ሃያ ቀን ስለሚቀር አከራዩም የራሱን ጉዳይ ለማስተካከል ጊዜ ያገኛል። የመብራት ወይም የውሃ መዋጮ ውዝፍ ካለብዎት መጀመሪያ እሱን ይጨርሱ።

ግቢው ውስጥ ሌሎች ተከራዮች ካሉ ቡና ላይ አያንሱት። ወሎ ውስጥ አከራይና ተከራይ ቡና ተጠራርተው ሲጠጡ ከአቦል እስከ በረካ የማይነሳ ጉዳይ የለም፤ ይህ ግን አይነሳም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ለአንዱ በሰው ፊት እሺ ያለ አከራይ በማግስቱ አራት ሰው ይመጣበታል፣ ይህን ስለሚያውቅ ለመጀመሪያው «አይሆንም» ይላል። ሰው ከተበተነ በኋላ፣ ወይም ለብቻ ቤታቸው ገብተው ይጠይቁ።

ከመጠየቅዎ በፊት የሚያናግሩት ሰው ማን እንደሆነ ያጣሩ። በእኛ አካባቢ ብዙ ቤት የተሠራው ዐረብ አገር ባሉ ልጆች ገንዘብ ነው። ኪራይ የምትቀበለው እናት ወይም ወንድም ይሆናል፣ ውሉ ላይ ያለው ስም ግን ጂዳ ያለችው ልጅ ነው። ተቀባዩ «እሺ» ቢል ውክልና ከሌለው እሺታው ለባለቤቷ አይጸናም፣ ስትመጣም «እኔ አላውቅም» ማለት ትችላለች። ውክልና ካለ ፎቶ ኮፒውን ይጠይቁ። ከሌለ በስልክ ሦስታችሁም ባላችሁበት ይነጋገሩና ባለቤቷ ፈቃዷን በጽሑፍ መልእክት ትላክልዎት።

ንግግሩ አጭር ይሁን። እንዲህ ሊሄድ ይችላል፦

— እትዬ፣ የአንድ ጉዳይ ፈቃድዎን ልጠይቅ ነበር። ኪራይ የምንሰጠው በ10 ነው፣ የእኔ ደሞዝ ግን የሚገባው ከ20 በኋላ ነው። ቀኑን ወደ 28 ብናዛውረው ብዬ ነው።

— እና በመሀል ያለው 18 ቀንስ የማነው?

— እሱን እከፍላለሁ። የቀኑ 150 ብር ነው፣ የ18 ቀኑ 2,700። ይኸው ጽፌዋለሁ። በ10 እሱን እሰጥዎታለሁ፣ በ28 ደግሞ ሙሉውን።

— እኔ እኮ በ12 እቁብ አለብኝ፣ ልጄ።

ንግግሩ በትክክል የሚደርሰው እዚህ ነው። አከራዮች የሚከለክሉት አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡ የተመደበለት ቦታ ስላለ ነው፦ እቁብ፣ የልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የሱቅ ዱቤ፣ የባቲ ሰኞ ገበያ። ስለዚህ «ብሩ በ10 ለምን ያስፈልግዎታል?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ ስለ ደሞዝዎ ሌላ አሥር ምክንያት ከመደርደር ይሻላል። እቁቡ 1,500 ብር ከሆነ መፍትሔው ኪራዩን ለሁለት መክፈል ነው፤ በ10 ላይ 1,500፣ በ28 ላይ 3,000፣ ዘወትር። ይህ ቀኑን ሙሉ በሙሉ አያዛውረውም፣ የመሸጋገሪያ ክፍያም አይፈልግም፤ ነገር ግን አከራዩ 3,000ውን እስከ 28 ድረስ 18 ቀን መጠበቅ ስላለበት በወረቀት ካልሰፈረ ውዝፍ ተብሎ ሊቆጠር ይችላል። እቁቡ ትልቅ ከሆነ ደግሞ ሙሉው ሽግግር አይሆንም፣ አያስጨንቋቸው።

«አብሽር፣ ይሁን» ካሉ ምስጋናዎን አቅርበው ዕለቱኑ ወረቀቱን ይጻፉ። «ላስብበት» ካሉ ከሳምንት በፊት አያንሱት።

ወረቀቱ

ኪራዩ በጽሑፍ ውል ከሆነ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አካሄድ ማሻሻያውም በጽሑፍ መሆን አለበት። በአንቀጽ 1727 መሠረት ደግሞ በጽሑፍ እንዲደረግ ሕግ የሚያዘው ውል ተዋዋዮቹ ሊፈርሙበትና ሁለት ምስክሮች ሊያረጋግጡት ይገባል። የቃል ውል ያላችሁ ቢሆንም ልክ እንዲህ አድርጉት፤ ጉዳቱ ሁለት ሰው መጥራት ብቻ ነው። ዋናው ውል በቀበሌ ወይም በከተማው ጽሕፈት ቤት የተመዘገበ ከሆነ ማሻሻያውንም እዚያው ያስገቡ።

ጽሑፉ ረጅም መሆን የለበትም። ይህን መገልበጥ ይቻላል፦

> በአከራይ ________ እና በተከራይ ________ መካከል በ________ ቀን የተደረገው የቤት ኪራይ ውል የክፍያ ቀን በሚከተለው ሁኔታ ተሻሽሏል።
> 1. በየወሩ በ10 ይከፈል የነበረው ኪራይ ከኅዳር 28 ቀን ጀምሮ በየወሩ በ28 በቅድሚያ ይከፈላል።
> 2. ከኅዳር 10 እስከ ኅዳር 27 ላለው 18 ቀን ተከራይ 2,700 ብር ኅዳር 10 ቀን ይከፍላል። ለዚህ ጊዜ ሌላ ክፍያ አይጠየቅም።
> 3. ወርሃዊ ኪራዩ 4,500 ብር እንደሆነ ይቀጥላል። ጳጉሜ ለብቻ አትከፈልም።
> 4. የቀሩት የውሉ ቃላት አልተለወጡም።
> የአከራይ ፊርማ፣ የተከራይ ፊርማ፣ የምስክር 1 እና የምስክር 2 ስምና ፊርማ፣ ቀን።

በሁለት ቅጂ ይጻፍ፣ ሁለቱም ላይ ሁሉም ይፈርሙ። ከሁሉ የሚበልጠው ተራ ቁጥር 2 ነው። እሱ ከሌለ ከስድስት ወር በኋላ «ኅዳር ላይ 1,800 ብር ጎድሎብኛል» የሚል ጥያቄ ሲመጣ መልስ የለዎትም። ተራ ቁጥር 3 የገባው የቀኑ መዛወር የኪራይ ጭማሪ ሰበብ እንዳይሆን ነው።

ክፍያውን በቴሌብር ወይም በባንክ ሲልኩ የምክንያት ቦታውን ባዶ አይተዉት፤ «ከኅዳር 10–27 ኪራይ»፣ ቀጥሎም «ከኅዳር 28–ታኅሣሥ 27 ኪራይ» ብለው ይጻፉ። በጥሬ ገንዘብ ከሰጡ ደረሰኝ ይሁን ደብተር ላይ ከቀን እስከ ቀን ይጻፍ። «የኅዳር ኪራይ» የሚለው አጻጻፍ ጸብ ጠሪ ነው፤ ከዚህ በኋላ ኪራይዎ ሁልጊዜ ሁለት ወር ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ «የኅዳር» የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

የሚበላሽባቸው ቦታዎች

ቤት ሲገቡ የሁለት ወር ቅድሚያ ከፍለው ከሆነ ያ ገንዘብ ምን እንደሆነ አስቀድመው ይለዩ። አንዳንዱ አከራይ ተይዞ የሚቆይ መያዣ አድርጎ ያየዋል፣ ሌላው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ኪራይ አድርጎ ቆጥሮ ጨርሶታል። ተከራዩ «ቅድሚያ አለኝ፣ የ18ቱን ቀን ከእሱ ይቁረጡ» ሲል አከራዩ «የምን ቅድሚያ?» ይላል፣ ነገሩም በዚያው ይከርራል። የመሸጋገሪያውን ክፍያ ከመያዣ ጋር አያገናኙት፤ በጥሬው ይክፈሉ።

«ቀኑን ልቀይርልህ፣ 500 ጨምር» የሚል ምላሽም ይመጣል። በዓመት 6,000 ብር ነው፣ ከአንድ ወር ኪራይ ይበልጣል፤ አከራዩ ግን በዓመት ውስጥ የሚያጣው ብር የለም። ስሌቱን ደግመው ያሳዩ። ካልተቀበሉ አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል ትንሽ ማካካሻ፣ ለምሳሌ የሁለት ቀን ኪራይ 300 ብር፣ ያቅርቡ። ለቋሚ ጭማሪ እሺ ከማለት ሽግግሩን መተው ይሻላል። «የሦስትና የአራት ወር ቅድሚያ ካመጣህ» ለሚለው ደግሞ፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ተግባራዊ በሆነበት ከተማ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ መጠየቅ አይቻልም።

ጨርሶ እምቢ ካሉ በሌላ መልክ ሊጠይቁ ይችላሉ። ቀኑ 10 ሆኖ ይቆይ፣ ግን ውሉ ላይ «እስከ 25 የተከፈለ እንደዘገየ አይቆጠርም» የሚል አንድ መስመር ይግባ። ከአከራዩ አንጻር ይህ ከሽግግሩ ይከፋል፣ ምክንያቱም ቤቱ ተኑሮበት እስኪከፈል 15 ቀን ይጠብቃል፤ ሆኖም ቀን መቀየር የሚባለውን ነገር የማይወዱ አዛውንት አከራዮች ይህን ሲቀበሉ ይታያል። 25ን የመረጥነው ነሐሴን አስበን ነው።

የመጨረሻው ስህተት የሚሠራው ሁሉ ነገር ከተሳካ በኋላ ነው። ኅዳር 10 ላይ 2,700 የከፈለ ሰው ከድሮው 1,800 ብር ተርፎት ያየዋል። ትርፍ አይደለም፤ 18 ቀን ቆይቶ ሙሉ 4,500 ብር ይጠበቅበታል። ያን 1,800 ጫማ የገዛበት ሰው ኅዳር 28 ላይ፣ ገና በመጀመሪያው አዲስ ቀኑ፣ ያዘገያል። ሳይነካ ይቀመጥ፤ ታኅሣሥ 28 ሁለተኛው ሙሉ ክፍያ ካለፈ በኋላ እንደልብዎ።